አድሬናል ዕጢ በጭንቀት ብዛት አያልቅም፤ ሲታመም ግን እንዲህ ይታያል

«1. ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቅታችኋል? ከሰዓት በኋላ ያለ ቡና አትንቀሳቀሱም? ጨው ጨው ያሰኛችኋል? እንግዲያው በጭንቀት ብዛት አድሬናል ዕጢያችሁ ደክሟል። 2. ሆስፒታል ሄዳችሁ ብትመረመሩ ምንም አይገኝባችሁም፤ የእነሱ ምርመራ የሚያሳየው ዕጢው ጨርሶ ሲሞት ነው። በቀን አራት ጊዜ የሚወሰድ የምራቅ ምርመራ ግን ቀድሞ ይለየዋል። 3. መፍትሔው ቀላል ነው፦ በባዶ ሆድ ጨውና ሎሚ በሞቀ ውሃ፣ ቡና ማቆም፣ ከእኛ ዘንድ የሚገኘውን የአድሬናል እንክብል ለሦስት ወር መውሰድ። 4. ስቴሮይድ የምትወስዱ ዛሬውኑ አቁሙ፤ ዕጢውን የሚያደክመው እሱ ነው።»

በደሴና በኮምቦልቻ ከስልክ ወደ ስልክ ለሚዞረው ለዚህ ጽሑፍ በተራ ቁጥሩ መልስ እንሰጣለን። አራተኛው ነጥብ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ስለሆነ ለእሱ ሰፋ ያለ ቦታ ትተናል።

ለመጀመሪያው ነጥብ

አድሬናል ዕጢዎች በየኩላሊቱ አናት ላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው፤ አንዱ ቢመዘን ከ4 እስከ 5 ግራም ቢሆን ነው። ሰው ሲጨነቅ፣ ትኩሳት ሲይዘው ወይም ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የሚባል ዕጢ ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ይለቅቃል፤ አድሬናሉም ትእዛዙን ተቀብሎ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ይጨምራል። ጭንቀት ኮርቲሶልን ከፍ ያደርጋል እንጂ ዕጢውን አያሟጥጠውም። ዕጢው ሥራ የሚያቆመው በሽታ ሲያፈርሰው ወይም ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ሲቋረጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት የብራዚል ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ የተሠሩ 58 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። «የአድሬናል ድካም» የሚባል በሽታ መኖሩን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም።

ድካሙ ግን ውሸት ነው አንልም። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀን ላይ ተቆራርጦ የሚመጣ እንቅልፍ ተኝቶ ቢደክመው አይገርምም። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ መቀነስ፣ ስኳር፣ ድብርትና የእንቅልፍ እጦትም ያንኑ ድካም ያመጣሉ፤ እነዚህ በምርመራ ወይም በጥሞና በመጠየቅ የሚገኙ፣ መድኃኒትም ያላቸው ናቸው። ለደከመው ሁሉ «አድሬናልህ ነው» ማለት እነዚህ ሳይፈለጉ እንዲቀሩ ያደርጋል።

እውነተኛው የአድሬናል በሽታ፣ አዲሰን የሚባለው፣ መልኩ ሌላ ነው። ድካሙ ብቻውን አይመጣም። ሰውየው ይከሳል፣ ምግብ ይጠላል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ከተኛበት ሲነሳ ዓይኑ ይጨልምበታል። የጨው አምሮቱም ወጥ ላይ ጨው ከመጨመር ያለፈ ነው፤ ጨው በእፍኝ ዘግኖ እስከ መላስ የሚደርስ አለ። ምክንያቱ አልዶስትሮን ነው። በሰውነት ውስጥ ሶዲየምን የሚይዘው ይህ የአድሬናል ሆርሞን ሲጠፋ ሶዲየሙ በሽንት ይወጣል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ፖታሲየም ይጠራቀማል።

ከሁሉም በላይ የሚለየው የቆዳ መጥቆር ነው። አድሬናሉ መልስ ስለማይሰጥ ፒቱታሪው ኤሲቲኤች እየጨመረ ይሄዳል፤ ያ ሆርሞን ሲበዛ ቆዳን የሚያጠቁሩትን ሴሎች ያነሳሳቸዋል። ቀይ ሰው ላይ ይህ ቶሎ ይታያል፣ ጠይም ሰው ላይ ግን ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። የመዳፍ መስመሮችን፣ የጣት አንጓዎችን፣ የክርን ጫፍን፣ የጉንጭን የውስጥ ገጽ፣ ምላስን፣ ከሕመሙ ወዲህ የተፈጠረ ጠባሳን ማየት ነው። ድድ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ፦ በእኛ አገር የብዙ ሰው ድድ በተፈጥሮው ጥቁር ነው፣ የተነቀሱ እናቶችም ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ የድድ ጥቁረት አዲስ መሆኑ ካልተረጋገጠ ምስክር አይሆንም። ቀላሉ ዘዴ የሁለት ሦስት ዓመት የመታወቂያ ፎቶን ከፊት ጋር ማስተያየት፣ «ምነው ጠቆርክ?» ያለ ዘመድ እንዳለም መጠየቅ ነው። ሕመምተኛው «ፀሐይ መትቶኝ ነው» ብሎ አልፎት ይሆናል፤ ፀሐይ ግን የመዳፍን መስመርና የጉንጭን ውስጥ አታጠቁርም።

ለሁለተኛው ነጥብ

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ እውነት ይዟል። የዕጢው አብዛኛው ክፍል፣ ወደ 90 በመቶ ያህሉ፣ እስኪፈርስ ድረስ ምልክቱ ጎልቶ ላይወጣ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተወሰደ ኮርቲሶልም መሐል ሰፋሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ግን ሕክምናው ራሱ መልስ አለው።

መጀመሪያ ምንም መሣሪያ የማይጠይቀው ይሠራ። ሰውየው 5 ደቂቃ ተጋድሞ የደም ግፊቱ ይለካ፣ ከዚያ ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም ደግሞ የታችኛው በ10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ፍለጋው መቀጠል አለበት። ቀጥሎ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና የደም ስኳር ይታዩ። የፖታሲየም ውጤት አንድ አሳሳች ነገር አለው፦ ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ከተሳበ ወይም ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ ለሰዓታት ተቀምጦ በሀረጎ ዳገት በመኪና ሲናጥ ከመጣ ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዱና ፖታሲየሙ በሐሰት ከፍ ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለ ውጤት በአዲስ ናሙና ይደገም።

ኮርቲሶል የሚወሰደው ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሆርሞኑ በተፈጥሮው ከፍ የሚለው ያኔ ነውና። ከሰዓት በኋላ ተወስዶ «ዝቅ ብሏል» የሚባል ውጤት ዋጋ የለውም። ሌሊት የሚሠራ ሰው የሰውነቱ ሰዓት ስለሚዛባ ፈረቃውን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። የጠዋቱ ውጤት ከ3 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ በሽታው የመኖሩ ነገር በጣም ያመዝናል። ከ15 እስከ 18 ካለፈ በሽታው የለም ለማለት ይቻላል፤ ወሰኑ እንደየላቦራቶሪው ዘዴ ትንሽ ይለያያል። በመሐል ከወደቀ ዕጢውን መቀስቀስ ነው፦ 250 ማይክሮግራም ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች በመርፌ ተሰጥቶ በ30ኛውና በ60ኛው ደቂቃ ኮርቲሶል ይለካል። ጤነኛ ዕጢ ወደ 18 ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል፤ የፈረሰው አይንቀሳቀስም። «ምርመራው ቀድሞ አይለይም» የሚለው ወቀሳ መልሱ ይህ ነው።

ውጤቱን የሚያዛቡ መድኃኒቶችም አሉ። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ኮርቲሶልን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ኮርቲሶል የሚሠራ መድኃኒት፣ በብዙ መመርመሪያዎች ራሱ እንደ ኮርቲሶል ይቆጠራል። ሌላው ስቴሮይድ ዴክሳሜታዞን ደግሞ ዕጢውን ስለሚያስተኛ ቁጥሩን ያወርደዋል። ስለዚህ ከመርፌው በፊት የሚወሰደው ሁሉ ክሬምም ቢሆን ይነገር።

የምራቅ ምርመራ በሕክምና ውስጥ ቦታ አለው፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ የሚወሰደው የኮርቲሶል መብዛትን፣ ማለትም ኩሺንግ የሚባለውን በሽታ፣ ለመፈለግ ይጠቅማል። ቀን አራት ጊዜ ተወስዶ በግራፍ የሚሳለው ግን የዕጢውን ድካም ለመለየት ተፈትኖ አልተረጋገጠም። ከድድ የወጣ ትንሽ ደም ወይም ከመቀዳቱ በፊት የተበላ ነገር ቁጥሩን ሊቀይረው ይችላል።

ለሦስተኛው ነጥብ

ስለ ቡና ብዙ መናገር አያስፈልግም። እንቅልፍ የሚያሳጣው ሰው ከሰዓት በኋላ ቢተወው ይጠቅመዋል፤ አድሬናልን ግን ቡና አያፈርስም።

የጨው ውሃ ነገር ሁለት ጎን አለው። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ጠዋት ጠዋት ቢጠጣው በቀጥታ ይጎዳዋል። እውነተኛ አዲሰን ያለበት ሰው ደግሞ ጨው ሲጠጣ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። የሚጠፋው ሶዲየም በከፊል ይተካል፣ ኮርቲሶሉ ግን አይመለስም፤ «ሠራልኝ» ብሎ ሲዘገይ አንድ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ይጥለዋል።

እንክብሎቹን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ ለአድሬናል ተብለው የሚሸጡ 12 ዓይነቶች ላቦራቶሪ ገብተው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በሁሉም ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን ተገኘ፣ በአብዛኞቹ ደግሞ ቢያንስ አንድ ስቴሮይድ። እንዲህ ያለው እንክብል መጀመሪያ ላይ ኃይል የሰጠ ይመስላል፤ ከዚያ የራስን ዕጢ ሊያስተኛ ይችላል። ሦስት ወር ወስዶ ሲያቆም የሚደክመው ሰው «ያለሱ አልችልም» ብሎ እንደገና ይገዛል።

ለአራተኛው ነጥብ

ስቴሮይድ አድሬናልን ማስተኛቱ እውነት ነው። ከዚህ እውነት የተሰጠው ምክር ግን ገዳይ ነው።

ከውጭ የሚገባ ስቴሮይድ ለፒቱታሪው «ኮርቲሶል በቂ ነው» የሚል መልእክት ይሰጠዋል። ፒቱታሪው ኤሲቲኤች ያቆማል፤ ትእዛዝ ያጣው አድሬናልም ቀስ በቀስ ይቀጭጫል። ሰውነት በቀን ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ መጠን፣ በፕሬድኒሶሎን ሲለካ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ግራም የሚያልፍ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በላይ ከተወሰደ ይህ እንደሚደርስ መጠርጠር ነው። ከዚያ ያነሰ ጊዜ የወሰደ፣ ለምሳሌ ለአስም ለአምስት ቀን የታዘዘለት፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንዴ ቢያቆም አይጎዳም። ለወራት የወሰደ ሰው ግን ዛሬ ቢያቆም ነገ ኮርቲሶል የሚሠራለት ዕጢ የለውም። ዕጢው እስኪነቃ ሳምንታት ወይም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ሐኪም ያዘዘለት ሰው ቢያንስ እንደሚወስድ ያውቃል። የሚያሳስበን ሳያውቅ የሚወስደው ነው። የመጀመሪያው ለመወፈር ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ዴክሳሜታዞን ነው፤ 0.75 ሚሊ ግራሙ የፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ ስለዚህ ትንሽ የምትመስል ክኒን ብዙ ትሠራለች። ሁለተኛው የቆዳ ማቅያ ክሬም ነው። ክሎቤታሶል የተባለ ኃይለኛ ስቴሮይድ 0.05 በመቶ ያለበት ክሬም በቀን 2 ግራም ያህል ብቻ ተቀብቶ ዕጢን ማስተኛቱ ታይቷል፤ ፊትን፣ አንገትንና እጅን በየቀኑ የምትቀባ ሴት ደግሞ ከዚያ ልታልፍ ትችላለች። ፊቷ ሲሞላ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ይባላል፤ ክንድና እግሯ መቅጠኑን፣ ሆዷ ላይ ወይን ጠጅ መስመር መውጣቱን የሚያይ የለም።

ይህኛው በሽታ ከአዲሰን በመልኩ ይለያል። ኤሲቲኤች ዝቅ ያለ ስለሆነ ቆዳ አይጠቁርም፤ አልዶስትሮን በራሱ መንገድ ስለሚሠራ ፖታሲየም አይጨምርም፣ ጨውም ያን ያህል አያሰኝም። የሚለየው በጥያቄ ነው፦ ምን ትወስጃለሽ? ምን ትቀቢያለሽ? ክኒኑንም ክሬሙንም ከነዕቃው ይዞ መምጣት ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። ወሊድ ላይ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ከዚያ ጡቷ ወተት ያልያዘ፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ እናትም እንዲሁ ሳትጠቁር ኮርቲሶል ልታጣ ትችላለች፤ የእሷ ችግር ፒቱታሪው ላይ ነው።

የማቆሚያው መንገድ ይህን ይመስላል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሕመሙ ከፈቀደ በሐኪም ክትትል በቀን 5 ሚሊ ግራም ያህል ወደሚሆን የፕሬድኒሶሎን መጠን በፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀርፋፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ በየ4 ሳምንቱ 1 ሚሊ ግራም ይቀነሳል። ባለ 1 ሚሊ ግራም ክኒን ካልተገኘ ባለ 5ቱ ይከፈላል፤ ቀናትን እያፈራረቁ መውሰድም አለ፤ ይህን ሐኪሙ ይወስን። በመጨረሻ ክኒኑ 24 ሰዓት ተትቶ የጠዋት ኮርቲሶል ይለካል። ከ10 ማይክሮግራም በላይ ከሆነ ዕጢው ነቅቷል፤ ከ5 በታች ከሆነ ክኒኑ ይቀጥልና ከጥቂት ወር በኋላ ምርመራው ይደገማል።

አንድ ማሳያ

የምንናገረው እንዴት እንደሚገጣጠም ለማሳየት አንድ ሁኔታ አዘጋጅተናል። ዕድሜው 36፣ የኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነው እንበል። በ8 ወር ውስጥ 9 ኪሎ ቀንሷል። ሁለት ጊዜ ለጨጓራ፣ አንድ ጊዜ ለታይፎይድ ታክሟል። ሲያስታውከው ክሊኒክ «ግሉኮስ» ይሰቀልለትና ለሁለት ቀን ይሻለዋል፤ ከረጢቱ ውስጥ ያለው የጨው ውሃ ነው የሚያሻሽለው። ከዚያ የድካሙን ጽሑፍ አነበበና ጨውና ሎሚ ጀመረ።

ሲመረመር ተጋድሞ 95 በ60 የነበረው ግፊት ሲቆም 72 በ50 ሆነ። የመዳፉ መስመሮች ጠቁረዋል፣ ባለፈው ዓመት ማሽን የቆረጠው ጣት ጠባሳም እንደ ከሰል ነው። ሶዲየም 124፣ ፖታሲየም 5.9፣ ስኳር 62፣ የጠዋት ኮርቲሶል 2.1። ይህ አዲሰን ነው፤ ቀጣዩ ጥያቄ ምን አፈረሰው የሚለው ነው። የእንግሊዙ ሐኪም ቶማስ አዲሰን በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1855 ሲገልጽ ከሕሙማኑ የበርካቶቹ ዕጢ በቲቢ የተበላ ነበር። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ዋናው ምክንያት ሰውነት የራሱን ዕጢ ማጥቃቱ ነው፤ ቲቢ በሚበዛበት እንደ እኛ ባለ አገር ግን ቲቢ ሳይፈለግ መታለፍ የለበትም። ስለዚህ አክታ፣ የደረት ራጅ፣ ኤች አይ ቪ፣ ከተቻለም የሆድ ሲቲ ስካን፤ ሲቲው ያበጡ ወይም ካልሲየም የቋጠሩ ዕጢዎችን ሊያሳይ ይችላል።

ቲቢው ተገኘ እንበል። አሁን ብዙዎች የማያዩት ወጥመድ አለ። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ጉበት ኮርቲሶልን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ጥቂት ኮርቲሶል ቀርቶት በዚያ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሪፋምፒሲን በጀመረ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በቲቢ ሕክምና መጀመሪያ ላይ ትውከቱ እየባሰ፣ ግፊቱ እየወረደ የሚሄድ ሰው «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ተብሎ ብቻ አይታለፍ። ለእኛ ሠራተኛ ስቴሮይዱ ቀድሞ ወይም አብሮ ይጀመራል፤ ሪፋምፒሲን እስካለ ድረስም መጠኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

የዘወትሩ መተኪያ ሃይድሮኮርቲዞን በቀን ከ15 እስከ 25 ሚሊ ግራም ነው፤ ለምሳሌ ሲነሳ 10፣ እኩለ ቀን 5፣ 10 ሰዓት ላይ 5። ክኒኑ ካልተገኘ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ይተካዋል። ለጨዉ ደግሞ ፍሉድሮኮርቲዞን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ይጨመራል። ቲቢው ቢድንም የፈረሰው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው።

ትኩሳት ሲይዘው እስኪድን መጠኑን በእጥፍ ይወስዳል። ካስታወከው ክኒኑ ሆዱ ውስጥ ስለማይቆይ መርፌ ያስፈልገዋል። ረመዳንን መጾም የሚፈልግ ከጾሙ ሳምንታት በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደው በሱሁር አንድ ጊዜ በሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ሊቀየር ይችል እንደሆነ፣ ጨርሶ መጾም የሌለበት መሆኑም ያኔ ይወሰናል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም እንዲሁ። ለማንም ሳይናገሩ የእኩለ ቀኑን ክኒን መዝለል ግን አይቻልም።

ግፊቱ ወርዶ፣ እያስታወከ፣ እየተደናገረ የመጣ የታወቀ ሕመምተኛ ውጤት ሲጠበቅለት መዘግየት የለበትም። 100 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲዞን በደም ሥር ወይም በጡንቻ ወዲያው ይሰጥ፣ በመጀመሪያው ሰዓት 1 ሊትር ኖርማል ሳላይን ይግባ፣ ስኳሩ ይለካ፤ ቀጥሎ በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ ይቀጥል። ለዚህም ሕመምተኛው መታወቂያው ውስጥ እንዲህ ብሎ የጻፈበት ወረቀት ይያዝ፦ «አድሬናል ዕጢዬ አይሠራም። ራሴን ከሳትኩ ወይም ካስታወከኝ ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊ ግራም በመርፌ ይሰጠኝ። ስቴሮይዴ አይቋረጥ።» ከሥሩ የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን፣ የሚከታተለው ሆስፒታል ስምና የአንድ ዘመድ ስልክ ቁጥር ይጻፍ።